«ያለ ቅርብ ክትትል በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራ» የሚል ማስታወቂያ ላይ ከማመልከታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ሥራ ለምትፈልጉ፣ በተለይ መጋዘን ላይ ለምታመለክቱ ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ማስታወቂያውን ያገኘሁት በቴሌግራም ነው። የሥራ መደብ፦ የመጋዘን ኃላፊ። ብዛት አንድ። ሁለት ዓመት ልምድ። ደመወዝ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የሚችል። ከሥር ደግሞ ሁለት መስመር ነበረው፦ «ፈጣን በሆነ የሥራ አካባቢ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል» እና «ያለ ቅርብ ክትትል በራሱ ተነሳሽነት የሚሠራ»። አመለከትኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ድርጅቱ ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ ያከፋፍላል። መኪኖቹ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያራግፋሉ። ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፣ ማታ ይጫናሉ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ደብዳቤዬ ላይ የሥራ ሰዓቴ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ነው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን እኔ መውጣት ባለብኝ ሰዓት ነው። «ፈጣን» ያሉት ይህንን ነው። ቀን ላይ ሥራው ረጋ ያለ ነው። ጫናው ያለው ማታ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በር ተከፍቶ ካርቶን ሲቆጠር ነው።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «የሥራ ጫናው እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እንደማንኛውም ቦታ ነው» ይሏችኋል። «የመጨረሻው መኪና ተጭኖ የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው? ያን ጊዜ ቁልፍ የሚይዘው ማነው?» በሉ። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይቻልም።

ያቃጠለኝ ግን ሁለተኛው መስመር ነው።

ሥራ የገባሁ ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊው ቁልፍና የርክክብ ቅጽ አቀረበልኝ። ቅጹ ላይ የዕቃው ዝርዝር ከኮምፒውተር ታትሟል። የተረካቢ ፊርማ ቦታ ክፍት ነው፤ የአስረካቢም ክፍት ነው። «አስረካቢው የታለ?» አልኩ። ለቅቋል አለኝ። «ታዲያ ማን ያስረክበኛል?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንቺ በራስሽ ተነሳሽነት የምትሠሪ ነሽ ብለን አይደል የቀጠርንሽ? ፈርሚና ቀስ እያልሽ ታጣሪዋለሽ።»

አልፈረምኩም። መጋዘኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የሦስት ሊትር ዘይት ቢን ካርድ ላይ ከወጪ ቀሪ 140 ካርቶን ይላል። ቆጠርኩት፤ 117 ነው። ሃያ ሦስት ካርቶን የለም። የካርዱ የመጨረሻ መስመር ላይ የወጪ ቁጥር ተጽፏል፣ የፈረመ ሰው ግን የለም። ሌሎቹን ካርዶች ገለጥኩ። የእጅ ጽሑፉ በየጥቂት ወሩ ይቀያየራል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው መጥቶ ሳይቆይ ይሄዳል፣ ጉድለቱ ግን እየተንከባለለ ለሚቀጥለው ይተርፋል።

ተያዤ አጎቴ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙን አስይዞልኛል። ያን ቅጽ ፈርሜ ቢሆን ሃያ ሦስቱ ካርቶን የእኔ፣ ከእኔ ካልተገኘ የአጎቴ ዕዳ ይሆን ነበር።

ቆጠራ ይደረግ አልኩ። ከሒሳብ ክፍል አንድ ሰው፣ ከአስተዳደር አንድ ሰው፣ እኔ፤ ሦስታችንም እንፈርም። የሰው ኃይል ኃላፊው በቀጠሮ አንገላታኝ። ዛሬ መኪና አለ፣ ነገ መኪና አለ፣ ቅዳሜ ዕቃ ይገባል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። «ፈጣን» ማለት መጋዘኑ ለቆጠራ አይዘጋም ማለት ነው። «ያለ ቅርብ ክትትል» ማለት ደግሞ ሳይቆጠር ለተፈጠረው ነገር አብሯችሁ የሚጠየቅ የለም ማለት ነው። ለብቻ ለብቻ ሲሆኑ አንዳቸውም ላያስፈሩ ይችላሉ። ንብረት በሚያስረክብ ሥራ ላይ አንድ ላይ ተጽፈው ከ«ተያዥ» ጋር ሲመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ እሑድ እንዲቆጠር ፈቀደ። ጉድለቱ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ አንድ ቅጂ ወሰድኩ። የእሑዱንና የማታውን የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ የሰው ኃይል ኃላፊው ሌላ ነገር አመጣ፦ «አንቺ እኮ ኃላፊ ነሽ፤ ለኃላፊ ትርፍ ሰዓት የለም።»

ይህን ለብዙ ሰው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን አይሸፍንም፤ ይህ እውነት ነው። ግን በአዋጁ የሥራ መሪ የሚባለው በሥልጣኑ የድርጅቱን አሠራር የሚወስን ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚያሰናብት ሰው ነው። ካርቶን እየቆጠረ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ማስታወቂያው «ኃላፊ» ስላለው ብቻ የሥራ መሪ አይሆንም። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል ይታሰባል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ። የማታውን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ከፈሉኝ። የእሑዱን እስካሁን አላገኘሁም፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ሥራ ፈላጊ የሚያሠለጥኑ ሰዎች «የማስታወቂያውን ቃላት ማመልከቻችሁ ላይ ድገሙ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ገንዘብ ቀድማችሁ አትጠይቁ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። «በራሴ ተነሳሽነት እሠራለሁ» ብላችሁ ስትጽፉ ነገ የሚጠቅሱባችሁን ቃል ራሳችሁ እየሰጣችኋቸው ነው። በምትኩ «ንብረት በቆጠራ ተረክቤ አስረክቤያለሁ» ብላችሁ የሠራችሁትን ጻፉ።

ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ ቦታው ድረስ ሂዱ። በር ላይ ያሉትን ጥበቃ በአክብሮት ሰላም በሉ። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የነበረው ልጅ ምን ሆኖ ወጣ?» በሏቸው። እኔ ይህን የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝና «የትኛው፣ ልጄ?» አሉኝ። ቴሌግራሙንም ወደ ኋላ ፈልጉት። ያው ማስታወቂያ፣ ብዛት አንድ፣ በዓመት ውስጥ ተደጋግሞ ከወጣ ድርጅቱ እየሰፋ አይደለም፤ ሰው እየለቀቀበት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቃሉ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። አንዲት ጓደኛዬ «በራሷ የምትሠራ» ተብላ በሞተር ብስክሌት ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞርበት ሥራ ገባች፤ ደስተኛ ናት። ልዩነቱ ማስታወቂያው ውስጥ አለ። የእሷ ላይ ሪፖርት የምታደርግለት የሥራ መደብ፣ የምትሸፍናቸው ቀበሌዎች፣ የነዳጅ አበል ሁሉ ተጽፏል። ነፃነቱ ወሰን አለው። የእኔው ላይ «ተጠሪነቱ ለ...» የሚል መስመር ጭራሽ አልነበረም።

አሁን የምሠራው ሸዋ ሮቢት፣ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ማስታወቂያው «ማሾ በሚገባበት ወቅት እስከ ምሽት ሊያሠራ ይችላል፤ ትርፍ ሰዓት ይከፈላል» ይላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ማን እንደሚያስረክበኝ ጠየቅኩ። የቀድሞዋን መጋዘን ጠባቂ ጠርተው አገናኙኝ። ኩንታል በኩንታል መዝነን ተረካከብን፤ የተያዥ ቅጹን አጎቴ የፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።