የእጅና ዓይን ካሊብሬሽን፦ ትንሽ የስህተት ቁጥር የሚደብቃቸው ሁለት ነገሮች

ካሜራውን ከሮቦቱ ክንድ ጫፍ ላይ፣ ከመያዣው ጎን አስሬዋለሁ። ክንዱ ካሜራው ያየውን ዕቃ እንዲደርስበት ለማድረግ ሁለት ነገሮች በቅድሚያ መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው የካሜራው የራሱ ባሕርይ ነው፤ ይኸውም የትኩረት ርዝመቱ፣ የምስሉ መሀል ነጥብና ሌንሱ ምስሉን የሚያዛባበት መጠን ነው። ሁለተኛው ካሜራው ከመያዣው አንጻር ያለበት ቦታና አቅጣጫ ነው፤ የእጅና ዓይን ካሊብሬሽን የሚባለው ይህን የማግኘቱ ሥራ ነው።

ለመጀመሪያው ሥራ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የታተሙበትን ሰሌዳ ተጠቀምሁ። ወረቀቱን በማይታጠፍ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ ለጠፍሁ፣ የካሜራውን ራስ-ሰር ትኩረት አጠፋሁ፣ ከዚያም ሰሌዳውን በየአቅጣጫው እያዘነበልሁና ወደ ምስሉ ማዕዘኖች ጭምር እያስጠጋሁ ፎቶ አነሳሁ። ኦፕንሲቪ የተባለው የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም በመጨረሻ የሚሰጠው አማካይ ስህተት፣ ማለትም በስሌት የተገኘው የካሬ ማዕዘን በምስሉ ላይ ከታየው የሚርቅበት መጠን፣ ከግማሽ ፒክስል በታች ነበር። ይህ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ስለ ርቀት ምንም አይናገርም። የካሬው ጎን 30 ሚሊሜትር ነው ብለን ጽፈን፣ ማተሚያው ግን 29.6 አድርጎ አትሞት ቢሆን፣ የፒክስል ስህተቱ ቅንጣት ሳይጨምር 500 ሚሊሜትር ላይ ያለው ሰሌዳ 507 ገደማ ላይ ያለ ሆኖ ይሰላል። ስለዚህ አሥር ካሬዎችን በአንድነት በካሊፐር ለክቼ ለአሥር አካፈልሁ። ከዚህ ሌላ ሮቦቱ ራሱ ጥሩ ማስመሪያ ነው፤ ክንዱን ሳላዞር 100 ሚሊሜትር ባንቀሳቅሰው ካሜራውም ሰሌዳው 100 ሚሊሜትር እንደተንቀሳቀሰ መናገር አለበት።

ለሁለተኛው ሥራ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጥብቄ አስሬ፣ ክንዱን ወደ ተለያዩ አቋሞች ወሰድሁት። በእያንዳንዱ አቋም ላይ ክንዱ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠብቄ፣ ከመቆጣጠሪያው የመያዣውን አቋም፣ ከምስሉ ደግሞ የሰሌዳውን አቋም መዘገብሁ። ስሌቱ አጭር ነው፦

```python
R, t = cv2.calibrateHandEye(
    R_gripper2base, t_gripper2base,
    R_target2cam, t_target2cam,
    method=cv2.CALIB_HAND_EYE_PARK)
```

እዚህ ላይ የመለኪያ አሃዱ በሁለቱም ወገን አንድ መሆኑንና መቆጣጠሪያው ዙረትን በምን መልክ እንደሚጽፍ ማረጋገጥ ይገባል። ካሜራው በክንዱ ላይ ሳይሆን በቋሚ ምሰሶ ላይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሰሌዳው በመያዣው ላይ ይታሰርና የክንዱ አቋሞች ተገልብጠው ይገባሉ።

ትልቁ ጉዳይ የአቋሞቹ ምርጫ ነው። ይህን ለማየት መረጃውን ለሁለት ከፍዬ አሰላሁት። በአንደኛው ክፍል ካሜራው ሁልጊዜ ቁልቁል እያየ፣ ክንዱ በቁመቱ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ይዞራል፤ ዝንባሌው ከጥቂት ዲግሪ አያልፍም። በሁለተኛው የእጅ አንጓው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ይዘነበላል። ውጤቱን የመረመርሁት የሰሌዳውን ቦታ ከየአቋሙ ወደ ሮቦቱ መሠረት በመመለስ ነው። ሰሌዳው ስላልተነቃነቀ ሁሉም መልስ አንድ ቦታ ላይ መውደቅ አለበት። በሁለቱም ክፍሎች የመልሶቹ መበታተን ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን የካሜራውን ከፍታ በተመለከተ ሁለቱ በ11 ሚሊሜትር ይለያያሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ክንዱ ቁልቁል ሲወርድ ካሜራውም ያንኑ ያህል ይወርዳል፤ በቁመት ዘንግ ሲዞርም ከፍታው አይለወጥም። ስለዚህ ካሜራው ከመያዣው ጫፍ 40 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር ወይም 51፣ እነዚህ እንቅስቃሴዎች አይለዩትም፤ የተሳሳተው ከፍታ ሰሌዳውን በሁሉም አቋም እኩል ስለሚያነሳው መበታተኑም አያጋልጠውም። አንጓው ሲዘነበል ግን ካሜራው ቅስት ይሠራል፣ የቅስቱም ስፋት በዚያ ርቀት የሚወሰን ስለሆነ ከፍታው ከስሌቱ ይወጣል። ቢያንስ ሁለት ትይዩ ባልሆኑ ዘንጎች ዙሪያ መዞር ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ማዘንበል ሌላም ጥቅም አለው፤ ፊት ለፊት የታየ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የዝንባሌ ግምቱ ስለሚዋዥቅ፣ የ1 ዲግሪ ስህተት ብቻ በ500 ሚሊሜትር ርቀት ወደ 9 ሚሊሜትር ያድጋል።

ፍርዱን የሰጠው ሹል ዘንግ ነው። ዘንጉን በመያዣው አስይዤ፣ ጫፉን አንድ ነጥብ ላይ አድርጌ አንጓውን በማዞር ጫፉ ከነጥቡ አለመሸሹን አስቀድሜ አረጋገጥሁ፤ አለዚያ የዘንጉ ስህተት የካሜራው ይመስላል። ከዚያ ክንዱ ካሜራው ወዳየው የሰሌዳ ማዕዘን 5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ እንዲቆም አዘዝሁት። በሁለተኛው ክፍል ስሌት ጫፉ ከታሰበው ቦታ ላይ ቆመ፤ በአንደኛው ግን 11 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ልዩነት በፕሮግራሙ ውስጥ ቋሚ ቁጥር በመቀነስ ያልፈዋል። ክንዱ ዘወትር ቁልቁል የሚያነሳ ከሆነ ይሠራል። ካሜራው በ30 ዲግሪ ዘንብሎ በሚያይበት ጊዜ ግን ያው 11 ሚሊሜትር ወደ ጎን 5.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከፍታን ብቻ የሚያስተካክለው ቁጥርም ይህን አይነካውም።