በ70 ምልክት የተጻፈ ማስታወቂያ

ዛሬ መድኃኒት ቤታችን በዚህ ሳምንት መጨረሻ የደም ግፊት በነፃ እንደሚለካ የሚያስታውቀውን የስልክ መልእክት ሳዘጋጅ ዋልኩ። በፊደላችን የሚጻፍ መልእክት ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ70 ምልክት ካለፈ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ ሰላምታውን ሰርዤ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦

«ቅዳሜና እሑድ የደም ግፊት በነፃ እንለካለን። ከመምጣትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡናና ሲጋራ ይተዉ።»

ሁለቱም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርጉ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሰላምታው ይበልጥብኛል። ችኮላም እንዲሁ ያሳስታል፤ ጠዋት እየተጣደፉ ገብተው ወዲያው የተለኩ አንድ ደንበኛ 152/94 አሳይተው ነበር፤ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ፣ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል አሳርፈው 5 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ግን 134/84 ሆነ። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ የደም ግፊት በሽታ አለብዎት አንልም፤ ከፍ ካለ በሌላ ቀን ደግመን እንለካለን፣ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል እንልካለን።