«ነገ በ9 ሰዓት»

አክስቴ ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አረፈች። ታማ ስለቆየች ድንገተኛ አይባልም፤ ግን ሲመጣ ለካ ሁሉም ድንገተኛ ነው። የወንድሜ ልጆች እያለቀሱ ወጡ። እኔ ስልኬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በቤተሰባችን ውጭ ላሉት መጻፍ የእኔ ሥራ ነው፤ ማን እንደሾመኝ አላውቅም።

መጀመሪያ ልጇ ነበረች። ሜልቦርን ነው የምትኖረው፣ እዚያ ረፋድ 5 ሰዓት ሆኗል። ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። እሷ ጋ ቀጥታ መደወል አልቻልኩም። ልብ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ይህን ወሬ በሰው መሃል ቆማ፣ ብቻዋን እንድትሰማ አልፈለግኩም። ስለዚህ አብራት ለምትኖረው ጓደኛዋ ደወልኩ። «ሄደሽ አጠገቧ ስትሆኚ ደውይልኝ» አልኳት። ከ50 ደቂቃ በኋላ ደወለች። ድምፅዋን ከመስማቴ በፊት ልጅቷ ገብቷታል፤ ጓደኛ ሥራ ቦታ ድረስ ሲመጣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሰው ነበራት።

የአክስቴ እህት ስቶክሆልም ናት፣ እዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። እሷን ለባለቤቷ ደውዬ አስነገርኩ። ከዚያ በኋላ ነው የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ የጻፍኩት። ይህን ቅደም ተከተል ያወቅኩት ከዓመታት በፊት ሌላ ለቅሶ ላይ ተሳስቼ ነው፤ ያኔ አንዱ የአጎቴ ልጅ የአባቱን ሞት ከግሩፕ አነበበ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ የሆነ ነገር ፊቱ ላይ ያልፋል።

የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «እትዬ አርፋለች። ቀብሩ ነገ በ9 ሰዓት ነው። መርዳት ለምትፈልጉ፦» ከዚያ የእኔና የወንድሜ የባንክ ቁጥር።

ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር። ሦስቱም ጉድ ሠሩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ደወለ። «ቀብሩ አልታየኝም እኮ! ሊንኩ የታለ?» አለኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ በእነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። እኔ የጻፍኩት በእኛ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። እሱ ጋ ግን ገና ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው ነበር። ስለዚህ የእኔ «ነገ» ረቡዕ፣ የእሱ «ነገ» ማክሰኞ ሆነ። «9 ሰዓት»ም እንደዚያው ነው። እኛ ከሰዓት በኋላ ያልነውን እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት አደረገው። እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚኖርበት አገር ሰዓት ያስተማረው ልጅ ሌላ እንዴት ያነበዋል? ደግነቱ የተሳሳተው አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ቀብሩ አምልጦት ነበር።

ሌላም አለ። ሁለት ወጣቶች በግል ጽፈው «የትኛዋ እትዬ?» አሉኝ። እኛ ቤት ሦስት እትዬዎች አሉ። ውጭ ያደጉት ደግሞ የአንዷንም ሙሉ ስም አያውቁም፤ ለእነሱ ሁሉም እትዬ ናቸው። አንዷ ጠያቂ በሕይወት ላለችው እትዬ አልቅሳ ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ይህኛውን ላስቀምጠው፣ ሌላ ጊዜም ያስፈልገኛል፦

«ውድ ቤተሰቦች፣ አክስታችን (እዚህ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ፣ ቀጥሎ በቅንፍ የቤት ስሟን ጻፍኩ) ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን ንጋት ላይ አርፈዋል። ልጃቸውና እህታቸው ሰምተዋል። ቀብሩ ረቡዕ ሐምሌ 9፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 16 ነው። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ስቶክሆልም ከሰዓት 14:00፤ ዋሽንግተን ጠዋት 8:00፤ ሜልቦርን ምሽት 22:00። ልጃቸው መምጣት ስለማትችል ቀብሩ ማንንም አይጠብቅም። ለቀብሩ ለመድረስ ብላችሁ ቲኬት አትግዙ። በቪዲዮ የምትከታተሉበት ሊንክ ጠዋት ይላካል። ስለ መዋጮ ከፈለጋችሁ በስልክ ደውሉልኝ፣ እዚህ ላይ ቁጥር አልጽፍም።»

«አርፈዋል» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ አንቺ ያልኳት ሴት ናት። ግን መልእክቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ልጅም ያነበዋል።

ስለ ቲኬቱ ያለችው ዓረፍተ ነገር ብዙ አስከፍላናለች። ልጇ ፓስፖርቷ ለእድሳት ገብቶ ነበር። ቢኖራትም ከሜልቦርን ቀጥታ በረራ የለም፤ ከመሸጋገሪያው ጋር አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ወንድሜ «እንጠብቃት፣ ሦስት አራት ቀን ቢቆይ ምን አለበት» ይላል። እኔ ዝም አልኩ። የወሰነችው ራሷ ናት፤ «ፓስፖርቱ መቼ እንደሚወጣ የሚነግረኝ የለም፤ አትጠብቁኝ» አለች። ይህ ውሳኔ ከእሷ ካልወጣ እኛ ብንጽፈው ይቆጫታል። ግን አንዴ ከወሰነች በግልጽ መጻፍ ነበረበት። የመጀመሪያው መልእክቴ ስለ መጠበቅ ምንም ስላላለ ስቶክሆልም ያለችው እህቷ ሐሙስ ማታ የሚገባ ቲኬት ቆርጣ ነበር። በሌላ ሰው ጥድፊያ የሚባክን ገንዘብ አለ፤ ይህ አንዱ ነው። ቀኑን አስቀይራ ለ40 ቀን አደረገችው።

የገንዘቡ ነገር ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። ሁለት ቁጥር ስለጻፍኩ አንዳንዱ ለእኔ፣ አንዳንዱ ለወንድሜ፣ አንዱ ደግሞ ለሁለታችንም ላከ። አንዱ ቁጥሬን አስተላልፎ ከቤተሰብ ውጭ ወዳለ ገጽ ወሰደው። በለቅሶ ጊዜ ቁጥር ቀይሮ መልሶ መለጠፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ የለም፤ የሐዘን ወሬ ማንም ቆም ብሎ አያጣራም። ቁጥሩን አጥፍቼ፣ የሚደውል ሁሉ ድምፄን ሰምቶ ከእኔ እንዲወስድ አደረግኩ።

አንዱ የላከው ገንዘብ ደግሞ ሁለት ቀን ተያዘ። ምክንያቱ ስሜ ነው። በላቲን ፊደል እሱ እንደመሰለው ጻፈው፣ መታወቂያዬ ላይ ግን ሌላ አጻጻፍ ነው። አማርኛ ስም በፈረንጅ ፊደል አምስት ዓይነት ይጻፋል፤ ኤ ለምኑ፣ ኢ ለምኑ፣ ማንም አይስማማም። ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ግን የሚያየው ከመታወቂያው ጋር መግጠሙን ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚደውል ሁሉ የመታወቂያዬን ስም ፊደል በፊደል በጽሑፍ እልክለታለሁ፣ ከሦስቱም ስም ጋር። ያስቃል፤ ስሜን ለገዛ ዘመዶቼ ስፔል እያደረግኩ።

ስንት ልላክ የሚለው ጥያቄ ደግሞ አለ። «ያላችሁን» ማለት መልስ አይደለም። ሰውየው ሌላው ስንት እንደላከ እያሰበ ይጨነቃል። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ለይተን አወቅን። ሳጥኑ፣ የመቃብሩ ቦታ፣ መኪናው በእኛ ተከፍሏል። የቀረው የሕክምናው ዕዳና ሐውልቱ ነው። ሐውልቱ አይቸኩልም፤ አፈሩ እስኪረጋ ድረስም አይተከልም። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ተረጋጉ። ለዕዳው የፈለገ አሁን ሰጠ፣ ለሐውልቱ የፈለገ ቀስ ብሎ። አንድ አጎቴ ምንም የለኝም ብሎ በሐፍረት ደወለ። የሕይወት ታሪኳን መጀመሪያ እሱ እንዲጽፍ ጠየቅኩት፤ እሱ ብቻ ነው ልጅነቷን የሚያውቀው። ሌሊቱን ጽፎ ላከ፣ አራት ገጽ። ገንዘብ ከላኩት ሁሉ ይልቅ እሱ የጠቀመኝ ይመስለኛል።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስም፣ ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደመጣ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ ለግሩፑ የምልከው ጠቅላላውንና የወጣበትን ብቻ ነው። የእያንዳንዱን መጠን አልለጥፍም። ሰው ከሰው ማወዳደር ለቅሶ ቤት ውስጥ ሲጀመር የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ረቡዕ ስልኩን የያዘው ጎረቤታችን የሆነ ወጣት ነው። ከእኛ መሃል ማንም እንዳይይዝ ብዬ ነው፤ የሚያለቅስ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሊንኩን ግማሽ ሰዓት አስቀድመን ከፈትን፣ ውጭ ያሉት ሁሉ ማይካቸውን እንዲዘጉ ጻፍን። የረሳነው አንድ ነገር ነበር። ስልኩ ላይ ጥሪ ሲገባ ቪዲዮው ይቆማል። ልጁ እናቱ ደወለችለት፣ ልክ ሳጥኑ ሲወርድ። ሜልቦርን ያለችው ልጇ ያን ጊዜ ያየችው ጥቁር ስክሪን ነው። ጥሪ የማይቀበልበትን መቼት ማብራት አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

ዝናብ ጀመረ። ልጁ አንድ እጁን ለስልኩ፣ ሌላውን ለጃንጥላው አደረገ። ጃንጥላውን ከራሱ ይልቅ ስልኩ ላይ ነው ያደረገው፣ ትከሻው ረሰረሰ። ድምፁ በዝናቡ ተውጦ ነበር። ደግነቱ የልጇን ንግግር በቀጥታ አላሰማነውም። ማታውኑ ድምፅዋን ቀድታ ልካልኝ፣ ስልኬ ላይ አውርጄ፣ ድምፅ ማጉያው ጋር ሞክሬው ነበር። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። መሃሉ ላይ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትቀጥላለች። ሰዉ ሁሉ ያን ዝምታ ጠበቃት።

ማታ ደወልኩላትና ስለ ጥቁሩ ስክሪን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ድምፁ ነበር፣ አፈሩን ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን የቀረው የሐውልቱ ጽሑፍ ነው። ሙሉ ስሟ ይጻፍ ወይስ እትዬም ይጨመር? ወንድሜ አይሆንም ይላል፣ ልጇ ይጨመር ትላለች። ሐሙስ እንነጋገራለን። መልእክቱን ልኬያለሁ፣ ቀኑን በሁለት አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በአራት ከተማ።