ፍለጋው «ዓመት»ን ከ«አመት» ሲለይብኝ

ከወራት በፊት የጀመርኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ጥያቄ መላሽ ፕሮግራም በዚህ ሳምንት ስለ ዓመት ዕረፍት የሚናገረውን አንቀጽ 77ን ጠቅሶ በትክክል መለሰልኝ። ደስ ስላለኝ የሄድኩበትን ላካፍላችሁ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በየአንቀጹ ቆረጥኩ። `multilingual-e5-base` እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ 768 ቁጥሮች ይቀይረዋል፤ ኢምቤዲንግ የሚባለው ይህ ነው። ጥያቄውም እንዲሁ ይቀየርና ቁጥሮቻቸው ለጥያቄው ቁጥሮች ይበልጥ የሚቀራረቡት አምስት ቁራጮች ተመርጠው ለቋንቋ ሞዴሉ ይሰጡታል፤ እሱም ከእነሱ ብቻ እንዲመልስ ይታዘዛል። በዚህ ሞዴል ከጥያቄ ፊት `query: `፣ ከሰነድ ፊት `passage: ` መጻፍ እንዳትረሱ።

ያንገላታኝ ፊደላችን ነው። «የአመት እረፍት ስንት ቀን ነው?» ስል ስለ ሳምንት ዕረፍት የሚናገረው አንቀጽ ይቀድማል፤ 77 ከአምስቱ ውስጥ የለም። ጥፋቱ የመላሹ ሞዴል መስሎኝ ሁለት ሞዴል ቀየርኩ፣ ትእዛዙን ደጋግሜ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ከፈጀሁ በኋላ ነው ፍለጋው ያመጣቸውን ቁራጮች አትሜ ያየሁት። ይህን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ፤ ትክክለኛው አንቀጽ ካልመጣ የትኛውም ሞዴል አያድንም።

በእጄ ያለው ቅጂ «ዓመት»ን በዓይኑ ዐ ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ በአልፋው አ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ ከኢምቤዲንግ በፊት ሰነዱንም ጥያቄውንም በዚህ አሳልፋለሁ፦

```python
P = [("ሐሑሒሓሔሕሖ","ሀሁሂሃሄህሆ"),
     ("ኀኁኂኃኄኅኆ","ሀሁሂሃሄህሆ"),
     ("ሠሡሢሣሤሥሦ","ሰሱሲሳሴስሶ"),
     ("ዐዑዒዓዔዕዖ","አኡኢኣኤእኦ"),
     ("ፀፁፂፃፄፅፆ","ጸጹጺጻጼጽጾ")]
def norm(t):
    for a, b in P:
        t = t.translate(str.maketrans(a, b))
    return t.replace("ኣ","አ").replace("ሃ","ሀ")
```

77 ወዲያው ከላይ መጣ። ሞዴሉ የሚያነበውና ተጠቃሚው የሚያየው ጽሑፍ ግን ያልተነካው ዋናው ይሁን፤ የተስተካከለው ለፍለጋ ብቻ ነው። ለግእዝ መጻሕፍት ይህን ዘዴ አልመክርም፤ ሠዓሊ እና ሰአሊ ትርጉማቸው ይለያያል፤ ኮዱ ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

አንድ ጥፋት ግን ቆይቶ ነው የታየኝ። የተሻረውን አዋጅ 377/96ንም በዚያው ኢንዴክስ አስገብቼ ነበር። ኢምቤዲንግ የትርጉም ቅርበትን እንጂ መሻርን አያውቅም፤ ሁለቱ አዋጆች ደግሞ ቃላቸው በጣም ይመሳሰላል። መሞከሪያ ጥያቄዬ አምስት ዓመት ስላገለገለ ሠራተኛ ነበር። አሮጌው ለመጀመሪያው ዓመት 14 ቀን ሰጥቶ በየዓመቱ አንድ ይጨምራል፤ አዲሱ 16 ሰጥቶ በየሁለት ዓመቱ አንድ። አምስት ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ይሆናሉ። መልሱ ልክ ስለነበር ከየት እንደመጣ ሳላይ አለፍኩት። ስለ አንደኛ ዓመት ስጠይቅ 14 ሲለኝ ነው የነቃሁት። አሁን በየቁራጩ የአዋጁን ቁጥር በመለያነት አያይዤ ፍለጋውን በ1156 ብቻ እወስነዋለሁ፤ ስሞክርም መልሱን ከማየቴ በፊት የተጠቀሰውን አንቀጽ አያለሁ።