«ከ6/3 እስከ 12/3»፦ ያልታመነው የሐኪም ወረቀት

«ወረቀቱ የኅዳር ነው፤ ልጁ የቀረው በየካቲት ነው።»

የሰው ሀብት ኃላፊው ይህን ብሎ የሽመና ክፍሉ ወጣት ያመጣውን የሐኪም ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኛ ገፋ አደረገው። እኔ የተገኘሁት በሠራተኛ ማኅበሩ ወገን ነው። ወረቀቱ የግል ክሊኒክ ነው፤ የሐኪሙ ፊርማና ቲተር አለው፣ የካርድ ቁጥር አለው። የዕረፍቱ መስመር ግን «ከ6/3 እስከ 12/3» ብቻ ይላል፤ ዓመት የለውም። ከላይ የተጻፈው ቀን ላይ ደግሞ ክቡ ማኅተም ስላረፈበት ዓመቱ አይነበብም።

ጊዜው 2016 ነው። በዚያ ዓመት አድዋ፣ የካቲት 23፣ ቅዳሜ ነበር የዋለው። ወጣቱ ከበዓሉ በኋላ ሰኞ የካቲት 25 አልገባም፤ ማክሰኞም አልገባም። ረቡዕ ክሊኒክ ሄዶ ታይፎይድ ነው ተባለና ከመድኃኒቱ ጋር የ7 ቀን ዕረፍት ተሰጠው። ረቡዕ መጋቢት 4 ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ የጠበቀው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ 8 የሥራ ቀን ያለ ፈቃድ ቀርተሃል፣ የቀኖቹም ደመወዝ ይቆረጣል ይላል። በዓልን ተገን አድርጎ መቅረት በየፋብሪካው ያለ ነገር ነው፤ ኃላፊው መጠራጠሩ አልገረመኝም።

ሐኪሙ ቀኑን የጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የማርች 6 በእኛ የካቲት 27 ነው፤ የማርች 12 ደግሞ መጋቢት 3። ኃላፊው ግን 3ኛውን ወር በእኛ ቆጥሮ ኅዳር አለው። የላቦራቶሪው መሣሪያም፣ የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀንም፣ ኮምፒውተሩም በፈረንጆች ስለሚሄዱ ብዙ ክሊኒክ እንዲሁ ነው የሚጽፈው። ዓመቱ ከጎኑ ቢኖር ኖሮ 2024 የሚለው ብቻ ነገሩን ይፈታው ነበር።

ልጁ በትሕትና መለሰ፦ «በኅዳር 6 እኮ እዚሁ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የፈረቃውን መዝገብ አስወጥተው ይዩት።»

«እንግዲያው በኅዳር ያወጣኸውን ወረቀት አቆይተህ ዛሬ አመጣህልኝ ማለት ነው።»

እስከዚያ ድረስ ክርክሩ ስለ ቀን ነበር፤ በዚህች ንግግር ወደ ማጭበርበር ተሻገረ። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት አንድ ነገር ነው፣ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ከተረጋገጠ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ሆኖም ሠራተኛውን በዚህ ምክንያት የሚያሰናብት አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። በእጁ የነበረው ደግሞ ግምት ብቻ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ያን ማየት እስካሁን ያናድደኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ መሆን አለበት። ሲታመም፣ አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቁ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀረበት ማግስት ማሳወቅ አለበት። ከዚያም መንግሥት ዕውቅና ከሰጠው የሕክምና ድርጅት ማስረጃ ያቀርባል። የልጁ ወንድም ማክሰኞ ጠዋት ለፈረቃ ኃላፊው ደውሏል፤ የስልኩ ታሪክ ላይ ሰዓቱ ሳይቀር አለ። ኃላፊው «እኛ የተዋዋልነው ከሌላ ሆስፒታል ጋር ነው» ብሎም ተከራክሮ ነበር። ውሉ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል ይወስናል፤ ፈቃድ ያለው ሌላ ክሊኒክ የሰጠውን ማስረጃ ግን ዋጋ አያሳጣም።

ከዚያ ኃላፊው እኛው ፊት ወደ ክሊኒኩ ደወለ። «በዚህ ስም የተመዘገበ ታካሚ የለም» አሉት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ላይ የነበረው እርካታ ነገሩ ያለቀ አስመስሎት ነበር። በኋላ እንደታየው፣ የልጁ የአባት ስም በመታወቂያው ላይ በ«ኃ» የተጻፈ ሲሆን ካርድ ክፍሉ በ«ሀ» መዝግቦታል። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ካርድ የሚፈለገው በቁጥሩ ነው፤ የሚጠየቀውም በደብዳቤ ነው። በስልክ የተሰጠ «የለም» ማን እንዳለው እንኳ አይታወቅም።

ደብዳቤው እንዲጻፍ አጥብቀን ጠየቅን፤ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበትም አብረን አወጣን። በዚህ የካርድ ቁጥር የታከመ ሰው አለ ወይ? በየትኛው ቀን ታየ? ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ ነው? የፈረመው ሐኪም የድርጅቱ ሠራተኛ ነው? ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍልን። የበሽታውን ዝርዝር መጠየቅ አያስፈልግም፤ ያለ ታካሚው ፈቃድ ክሊኒኩ ሊናገረው የሚገባ ነገርም አይደለም። ልጁን «በእኛ ሐኪም እንደገና ይታይ» የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር። አንድ ሳምንት መድኃኒት የወሰደን ሰው መጋቢት 4 መርምሮ የካቲት 27 ትኩሳት ነበረው አልነበረውም የሚል ሐኪም አይገኝም። ይህን የሚናገረው የዕለቱ ካርድ ነው፤ የሰውነት ሙቀቱ፣ የላቦራቶሪ ማዘዣው፣ የታዘዘው መድኃኒት ተጽፎበታል። ከእሱ ቀጥሎ የሚጠቅመው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ማሽኑ ራሱ ስለሚያትመው ማንም «ኋላ ያስጻፈው ነው» ሊል አይችልም። ልጁ የላቦራቶሪውን ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ይዞት ነበር፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ግን አላወጣውም።

የክሊኒኩ መልስ መጣ፤ ካርዱ አለ፣ የታየው የካቲት 27 ነው፣ ዕረፍቱ እስከ መጋቢት 3 ነው። መሐል ያለችው እሑድ ስትወጣ 6 የሥራ ቀን ይሆናል። በ12 ወር ውስጥ የመጀመሪያው አንድ ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ ስለሚከፈልበት የስድስቱ ቀን ሙሉው ተመለሰለት። ከዚያ በላይ ቢሆን የሚቀጥሉት 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ይሆኑ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ቀሩ። ካርዱ ላይ «ትኩሳቱ ከጀመረው 3 ቀን ሆኖታል» ተብሎ ተጽፏል፤ የዕረፍት ትእዛዙ ግን ከረቡዕ ነው የሚጀምረው። በእነዚህ ሁለት ቀናት ኃላፊው ትክክል ነበር፤ ወንድምየው መደወሉ የማሳወቅ ግዴታን ይፈጽማል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ከዓመት ፈቃዱ ይታሰብለት ብለን ጠየቅን፤ አልተስማማም፤ ተቆረጠ።

ወደ በሩ ስንሄድ ኃላፊው «ብሩን አገኘህ አይደል፤ ደብዳቤውን ተወው፣ ወረቀት ነው» አለው። ልጁም ደስ ብሎት ሊወጣ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። በአዋጁ መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። «8 ቀን» የሚለው ደብዳቤ በግል ማኅደሩ ከተቀመጠ በሰኔ አንድ ቀን ቢቀር የሚመዘዘው እሱ ነው፤ ያኔ የክሊኒኩ መልስ የት ፋይል እንደገባ የሚያስታውስ አይኖርም። ደመወዝ መመለሱ ደብዳቤውን አይሽረውም፤ ደብዳቤን የሚሽር ደብዳቤ ነው።

ልጁ በዚያው ቀን መቃወሚያውን በሁለት ቅጂ ጻፈ፤ የክሊኒኩን መልስና ደረሰኙን አያይዞ መዝገብ ቤት አስገባ፤ በራሱ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታ። ኃላፊው ለመፈረም ብዙ ቀን አንገራገረ። በመጨረሻ የቀደመው ማስጠንቀቂያ ተሽሮ «ለ2 ቀን» የሚል በምትኩ ወጣ፤ የተሻረው ቁጥርና ቀንም በግልጽ ተጠቀሰ። ግልባጩ ለማኅበሩም ደርሷል። ኅዳር ላይ ያወጣኸው ነው ስለተባለው ግን በቃልም በጽሑፍም ይቅርታ የጠየቀው የለም።