የተቀረጸው አልጋ በትክክል ስንት ያስወጣል?

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሒሳብ ስሠራ ባለቤቱ “እኛን የሚያበላን አልጋው እኮ ነው” አሉኝ። ራስጌው በእጅ የተቀረጸ አልጋ ነው፤ በ20,000 ብር ይሸጣል፣ ወረፋም አለው። ያላቸውን ደረሰኝና ደብተር ሁሉ ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለአንድ ዕቃ ብቻ የማይባሉትን የወሩን ወጪዎች ለየሁ። ኪራይ 35,000፣ መብራት 6,000፣ ጥበቃ 7,000 ብር። ማሽኖቹ 540,000 ብር ተገዝተዋል፤ በ5 ዓመት ሲከፈል በወር 9,000 ይመጣል። ይህ ደረሰኝ ስለሌለው በደብተራቸው አልነበረም። አራቱ ባለሙያዎች በሰዓት 75 ብር ሒሳብ የ800 ሰዓት ደመወዝ ይወስዳሉ። የሥራ ካርዶቹን ስደምር ግን ዕቃ ላይ የዋለው 600 ብቻ ነው። ቀሪው መብራት ሲጠፋ፣ ጣውላ ሲጠበቅ፣ ቤት ሲጸዳ ያለፈ ነው። የእነዚያ 200 ሰዓታት 15,000 ብርም እዚሁ ገባ። ድምሩ 72,000 ብር ሆነ።

ይህን በየዕቃው እንዴት እናከፋፍል? እስከዚያ የሚሠሩት በጥሬ ዕቃ ዋጋ ነበር፤ በወር 360,000 ብር ጥሬ ዕቃ ስለሚገባ፣ በላዩ 20 በመቶ ይጨምራሉ። አልጋው የ9,000 ብር እንጨት ነው የሚበላው፤ ስለዚህ 1,800 ብር ብቻ ደረሰው። ግን ቤቱንና ማሽኑን ለ60 ሰዓት ይዞ ይቆያል! በ20 ሰዓት የሚያልቀው ቁም ሳጥን ደግሞ ቦርዱ ውድ ስለሆነ 24,000 ብር ጥሬ ዕቃ ይዞ 4,800 ብር ይሸከማል። የአልጋውን ዕዳ ቁም ሳጥኑ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

በሰዓት ቀየርኩት። 72,000 ለ600 ሲካፈል በሰዓት 120 ብር ነው። 800 ላይ ባካፍል 90 ይሆን ነበር፤ ያኔ ያልተሠራበትን ሰዓት ድርሻ የሚከፍል ዕቃ አይኖርም። አልጋው እንግዲህ፦ እንጨት 9,000፣ የእጅ ዋጋ 4,500፣ የጋራ ወጪ 7,200፤ በጠቅላላው 20,700 ብር። በእያንዳንዱ አልጋ 700 ብር ይከስራሉ።

የፈለጉት ከሽያጩ 25 በመቶ ትርፍ ነው። 20,700 ላይ 25 በመቶ ቢጨመር 25,875 ይመጣል፤ ትርፉ ግን ከዚህ ዋጋ 20 በመቶው ብቻ ነው። ትክክለኛው ለ0.75 ማካፈል ነው፦ 27,600 ብር። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ከዚህ በላይ የሚመጣ ስለሆነ ደንበኛው 31,740 ብር ይከፍላል።

“ማን ይገዛኛል?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ቅርጹን አቅልለው በ40 ሰዓት ቢጨርሱት ወጪው 16,800፣ ዋጋው ከታክስ በፊት 22,400 ይሆናል አልኳቸው። የተረፉት 20 ሰዓታት ግን ሌላ ዕቃ ካልሠሩ ኪራዩ አይቀንስም፤ 120 ብሯ ራሷ ትጨምራለች። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ትንሽ አርክሰው ተጨማሪ ትዕዛዝ መፈለግ ጀመሩ።