ምርት በ20 ከመቶ ሲቀንስ ዋጋ ለምን በ60 ይዘላል? (የጥናት ማስታወሻ፣ ሦስተኛ ሳምንት)

በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የከረምኩት። ምርት ከአምስት እጅ አንዱ ቢቀንስ፣ የእህል ዋጋ ለምን ከዚያ በላይ ይዘላል? የምናጠናው መጽሐፍ አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይጨምራል ይላል፤ በስንት እንደሚጨምር ግን አይነግረንም። እኔ ደግሞ ቁጥሩን ማየት ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አዳማ እህል ተራ ወርጄ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ሱቅ ተቀመጥኩ። ጆንያ በተፈታ ቁጥር እፍኝ ጤፍ ያነሳሉ፤ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጡ እፍ ይሉበታል። ገለባውንና አፈሩን አይተው ነው ዋጋ የሚናገሩት። ፋታ ሲያገኙ ጥያቄዬን ጠየቅኳቸው።

“ልጄ፣ እኔ ስንት እንደታጨደ አላይም” አሉኝ። “የማየው ስንት መኪና እንደገባ ነው።”

ማታ ስሌቱን የጀመርኩት ከዚህ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ወደ ከተማው ጤፍ የሚያመጡ 100 ገበሬዎች አሉ እንበል። በደህና ዓመት እያንዳንዳቸው 20 ኩንታል ያገኛሉ። 12ቱን ለቤት ቀለብና ለዘር ያስቀራሉ፤ 8ቱን ይሸጣሉ። ገበያ የሚገባው 800 ኩንታል ነው፤ አንዱ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን 16 መኪና ማለት ነው።

አሁን ዝናቡ ቀድሞ አቆመ። ምርቱ ወደ 16 ኩንታል ወረደ፤ 20 ከመቶ ቀነሰ። ገበሬው ግን የቤቱን ቀለብ በ20 ከመቶ አይቀንስም፤ ልጆቹ እንደ አምናው ይበላሉ። ጠበቅ አድርጎ 11 ኩንታል ቢያስቀር ለሽያጭ የሚተርፈው 5 ነው። ገበያ የሚገባው 500 ኩንታል፣ 10 መኪና ሆነ። ማሳው ላይ 20 ከመቶ የነበረው ጉድለት ገበያው ላይ 37.5 ከመቶ ሆኖ ደረሰ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሁለት ጊዜ ደመርኩት። ነጋዴው መኪና የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ገዢዎቹ። ኩንታሉ 10,000 ብር ሲሆን 800 ኩንታል ይፈልጋሉ። 12,000 ሲሆን 700፣ 14,000 ሲሆን 620፣ 16,000 ሲሆን 550፣ 18,000 ሲሆን 500 ይፈልጋሉ ብዬ ያዝኩ። ብዛቱ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ እንጀራ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆየኝ አይባልም።

ዋጋው 10,000 ላይ ቢቆይ 800 ኩንታል ይፈለጋል፣ ያለው ግን 500 ነው። ጠዋት የመጣው ጭነት ከረፋዱ በፊት ያልቃል፤ ደላላው “ሌላ ገዢ አለኝ” ማለት ይጀምራል። ባዶ እጁን መመለስ ያልፈለገ ቸርቻሪ 200 ብር ይጨምራል፣ ሌላው ከሱ በላይ ይጨምራል። ዋጋው እስከ 18,000 ይሄድ ነበር። ግን እየጨመረ ሲሄድ ገበሬውም ያስባል። ለቤቱ በቆሎ ቀላቅሎ፣ ካስቀረው ላይ ግማሽ ኩንታል ያወጣል። ከ100 ገበሬ 50 ኩንታል ተጨመረ። በ16,000 ብር የሚፈለገው 550፣ ያለውም 550። ዋጋው እዚያ ላይ ይረጋል። ምርት በ20 ከመቶ ቀነሰ፣ ዋጋ በ60 ከመቶ ጨመረ።

ይህ ግኝት አዲስ አይደለም። በ1699 ቻርልስ ዳቨናንት የተባለ እንግሊዛዊ ያሳተመው፣ የግሪጎሪ ኪንግ ነው የሚባል ስሌት አለ። ምርት ከአስር አንድ እጅ ሲጎድል ዋጋ ከአስር ሦስት እጅ፣ ሁለት እጅ ሲጎድል ደግሞ ከአስር ስምንት እጅ ይጨምራል ይላል። የኔ ጤፍ ከዚያ ለስለስ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ጤፍ የተወደደበት ሰው ወደ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ስንዴ መዞር ይችላል። ታዲያ በቆሎው ምንም ሳይጎዳ ዋጋው አብሮ ይነሳል፤ ተጨማሪ ፈላጊ ስለመጣበት።

አንድ የተሳሳትኩበት ቦታ አለ፤ ሌሎቻችሁም ትሳሳቱበት ይሆናል ብዬ እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ “ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ቀነሰ” ብዬ፣ በየዋጋው የሚፈለገውን ብዛት የሚያሳየውን የፍላጎቱን መስመር ስዕሉ ላይ ወደ ግራ ገፋሁት። ያኔ ዋጋው መልሶ ወረደ፣ ሲወርድ ፍላጎቱን መልሼ ጨመርኩ፣ እንዲህ እያልኩ አንድ ገጽ ጨረስኩ። የፍላጎቱ መስመር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የቤተሰቡ ገቢም፣ የእንጀራ ልማዱም ያው ነው። የተንቀሳቀሰው የአቅርቦቱ መስመር ነው፤ ገዢዎች በራሳቸው መስመር ላይ ከ800 ወደ 550 ተራመዱ እንጂ።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዋጋ ብቻውን ምን እንደተፈጠረ አይናገርም። ዋጋ ጨምሮ የሚገባው መኪና ካነሰ፣ ችግሩ አቅርቦት ላይ ነው። ዋጋ ጨምሮ መኪናውም ከበዛ፣ ለምሳሌ ፋሲካ ሲቃረብ፣ የጨመረው ፍላጎት ነው። ስለዚህ “ጤፍ ተወደደ” ሲባል ሁለተኛው ጥያቄ “ስንት ኩንታል ተሸጠ?” መሆን አለበት።

ልቤን የነካው ግን የገበሬው ሒሳብ ነው። ባለ 20 ኩንታሉ በደህናው ዓመት 8 ኩንታል በ10,000 ሸጦ 80,000 ብር ያገኝ ነበር። በክፉው ዓመት አምስት ኩንታል ተኩል በ16,000 ሸጦ 88,000 ያገኛል። ምርት ጎድሎበት ገቢው ጨመረ ማለት ነው! አሁን ጎረቤቱን እንይ። በደህናው ዓመት 13 ኩንታል ያመርታል፤ 12 አስቀርቶ አንዱን በ10,000 ይሸጣል። ዘንድሮ ያገኘው 10 ኩንታል ከ40 ኪሎ ነው። አጥብቆ እንኳ 11 ያስፈልገዋል። የጎደለውን 60 ኪሎ በአዲሱ ዋጋ ሲገዛ 9,600 ብር ያወጣል። አምና ሻጭ የነበረው ሰው ዘንድሮ ሸማች ሆኖ ተሰለፈ። “ዋጋ ሲጨምር ገበሬ ይጠቀማል” የሚለውን አባባል ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አላልፍም፤ የትኛው ገበሬ?

ስሌቱ የሚሰበርበት ቦታም አለ። አዳማ ብቻዋን ያለች ገበያ አድርጌ ነው የያዝኳት። ጎጃም ጤፍ 13,000 ቢሆንና መጫኛ፣ ማውረጃና የመኪና ኪራይ በኩንታል 1,000 ቢፈጅ፣ አዳማ ሲደርስ 14,000 ይሆናል። ያኔ 16,000 ብሎ የሚቆይ ነጋዴ አይኖርም። መንገድ ከተዘጋ ግን ያ ጣሪያ ይጠፋል። ጊዜም አለበት፤ ዝናቡ እንደተበላሸ ሲታወቅ፣ የአምና እህል በእጁ ያለ ሰው ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ዋጋው አጨዳ ሳይጀመር፣ ገና ጤፉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ይነሳል።

በጣም የማላምነው ቁጥር የገዢዎቹን ነው። ከ10,000 እስከ 18,000 ያለውን መስመር የጎረቤቶቼን ወሬ ሰምቼ ነው የገመትኩት። እናቴ ለምሳሌ 14,000 እስኪደርስ ምንም አልቀንስም፣ ከዚያ በኋላ ግን ሦስት እጅ ጤፍ ላይ አንድ እጅ በቆሎ አስፈጫለሁ ብላኛለች። እናንተም ቤት ጠይቁልኝ፤ ስንት ሲደርስ ነው መቀላቀል የሚጀመረው? መልሳችሁን ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩን እንደገና እስለዋለሁ።